ሁለተኛው የጎግል ገጽ ላይ ከቆሙት ጽሑፎቼ የትኛውን ላሻሽል? የሰርች ኮንሶል ዘገባዬን ይዤ መጥቻለሁ

ጦሳ ማዶ (ደሴ)፣ ጥር 12 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ወሎ ከተሞች፣ ገበያዎችና ገዳማት በአማርኛ የምጽፍበት ብሎግ አለኝ። ጽሑፎቹ በርከት ቢሉም ከጎግል የሚመጣው አንባቢ ጥቂት ነው። አዲስ ከመጻፍ ይልቅ በሁለተኛው የፍለጋ ገጽ ላይ ቆመው የቀሩትን ማሻሻል ይቀድማል የሚል ምክር ስለ ሰማሁ፣ በሰርች ኮንሶል የ Performance ዘገባን ከፈትሁ። ቀኑን በሦስት ወር እንዳለ ትቼ፣ Average position የሚለውን ሣጥን አብርቼ፣ Pages በሚለው ሰንጠረዥ ደረጃቸው ከ10 የሚበልጡትን ብቻ እንዲያሳየኝ አጣራሁ። ከ20 በላይ የሆኑትን እየዘለልሁ ስመለከት ሦስት ጽሑፎች ቀሩኝ።

አንደኛው ስለ አምባሰል ተራራና ወረዳ የጻፍሁት ነው፤ 6,400 ኢምፕሬሽን፣ 9 ክሊክና 13.1 አማካይ ደረጃ አለው። ሁለተኛው ስለ ባቲ ገበያ ሲሆን 2,900 ኢምፕሬሽን፣ 12 ክሊክና 18.2 አማካይ ደረጃ ያሳያል። ሦስተኛው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው፤ 740 ኢምፕሬሽን፣ 14 ክሊክ፣ 12.4 ደረጃ። ጊዜዬ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ስለሆነ በአምባሰሉ ልጀምር አስቤአለሁ፤ ኢምፕሬሽኑም ከሁሉ ይበልጣል፣ ወደ መጀመሪያው ገጽም ቅርብ ነው። ልምድ ያላችሁ ምን ትላላችሁ?

አዝዋ (ደሴ)፣ ጥር 12

አስተሳሰብዎ ትክክል ነው፤ በአምባሰሉ ይጀምሩ። ከ6,400 ሰው 9 ብቻ ጠቅ ካደረገ ርዕሱ አልሳበም ማለት ነው። «አምባሰል» የሚለውን ቃል የርዕሱ መነሻ ያድርጉት፣ በመካከለኛ ርዕሶችም ይድገሙት፣ የታተመበትንም ቀን ወደ ዛሬ ያምጡት። የባቲው 18 ላይ ስለሆነ ለጊዜው ይተዉት፤ ከ15 በታች የወረደ ጽሑፍ ብዙ ድካም ይጠይቃል። በእኔ ብሎግ ላይ ርዕስ በመቀየር ብቻ ሁለት ጽሑፎች ወደ መጀመሪያው ገጽ ገብተውልኛል።

ላስታ 21 (ወልድያ)፣ ጥር 12

የእኔም ችግር ይኸው ስለሆነ እዚሁ ልጠይቅ። ስለ ላሊበላ የጻፍሁት ጽሑፍ ከወጣ ሰንብቷል፤ ነገር ግን በሁለተኛው ገጽ ቀርቶ በአሥረኛውም ላይ አላገኘሁትም። ሪፖርቱም ስለ እሱ ምንም አይለኝም። ርዕሱን ልቀይር?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፣ ጥር 13

ላስታ፣ የእርስዎ ጉዳይ የተለየ ነው። በዘገባው ውስጥ አንድም ኢምፕሬሽን የሌለው ጽሑፍ ምናልባት ከነጭራሹ በጎግል መዝገብ ውስጥ አልገባም። አድራሻውን በ URL Inspection ሣጥን ውስጥ አስገብተው ይመልከቱ፤ አልተመዘገበም ካለዎት ርዕስ መቀየሩ ፋይዳ የለውም። እሱን በሌላ ክር ብንነጋገርበት ይሻላል።

ጦሳ፣ ወደ እርስዎ ልመለስ። አሁን በያዙት መረጃ ከሦስቱ የትኛውንም መምረጥ አይቻልም እላለሁ። የጽሑፉ አማካይ ደረጃ የብዙ ጥያቄዎች ድምር ውጤት ነው። አንድ ጽሑፍ ለአንዱ ጥያቄ 4ኛ፣ ለሌላው 25ኛ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ሰንጠረዡ ግን ብዙ ኢምፕሬሽን ወዳለው እያዘነበለ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጥዎታል። 13.1 ማለት ጽሑፉ 13ኛ ላይ ተቀምጧል ማለት አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። በ Pages ሰንጠረዥ ውስጥ የአምባሰሉን አድራሻ ጠቅ ያድርጉት፤ ዘገባው ለእሱ ብቻ ይሆናል። ከዚያ Queries ወደሚለው ይሻገሩና ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ እንደታየ ከነኢምፕሬሽኑና ከነደረጃው ይገልብጡልን። ለባቲውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ብንመካከር ይሻላል።

ጦሳ ማዶ፣ ጥር 13

እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት አደረግሁ፤ ያየሁት አልጠበቅሁትም።

በአምባሰሉ ጽሑፍ ሥር «አምባሰል» ብቻ ተብሎ የተፈለገው 4,100 ኢምፕሬሽን በ12.6 ደረጃ ነው። «አምባሰል ቅኝት» 900 በ14፣ «አምባሰል ዘፈን» 600 በ17 ነው። «አምባሰል ወረዳ» የሚለው 130 ኢምፕሬሽን ብቻ ቢኖረውም ደረጃው 5.2 ሆኖ ከዘጠኙ ክሊክ ሰባቱን ያመጣው እሱ ነው።

በባቲው ሥር ደግሞ «ባቲ» ብቻ 1,500 በ18.9፣ «ባቲ ቅኝት» 500 በ22፣ «የባቲ ገበያ» 240 በ11.3፣ «ባቲ ገበያ ቀን» 150 በ11.8፣ «የባቲ ገቢያ» 60 በ13፣ «ባቲ ገበያ መቼ ነው» 40 በ10.9፣ በእንግሊዝኛ ፊደል bati market ተብሎ ደግሞ 90 በ27 ይታያል። ስደምራቸው 2,900 አይሞሉም፤ ቀሪው የት ገባ?

ቦርከና፣ ጥር 13

ጥቂት ሰዎች ብቻ የፈለጉትን ጥያቄ ጎግል የፈላጊውን ማንነት ለመጠበቅ ሲል በዝርዝሩ ውስጥ አያወጣውም፤ በጠቅላላው ድምር ግን ይቆጥረዋል። ልዩነቱ ከዚያ የመጣ ስለሆነ ስሕተት አይደለም።

አሁን ጉዳዩ ፍንትው ብሎ ታየ። ወሎየ ሆነን ሳለ መጀመሪያ ልብ ማለት የነበረብን ነገር ነው፤ አምባሰልም ባቲም የአገር ስም ብቻ ሳይሆኑ የቅኝት ስምም ናቸው። «አምባሰል» ብሎ ከሚፈልገው ሰው ብዙው ዜማውን ሊሰማ ወይም ስለ ቅኝቱ ሊያነብ የመጣ ነው፤ «ቅኝት» እና «ዘፈን» የሚሉት ተከታይ ጥያቄዎችም ይኸንኑ ይመሰክራሉ። በስልክዎ «አምባሰል» ብለው ይፈልጉና የመጀመሪያው ገጽ በምን እንደተሞላ ይመልከቱ። ቪዲዮና ሙዚቃ ከሆነ፣ ስለ ተራራና ስለ ወረዳ የሚናገር ጽሑፍ ከዚያ መካከል ቢገባ እንኳ የሚያነበው ጥቂት ነው። ጽሑፍዎ በእውነት የሚመልሰው ጥያቄ «አምባሰል ወረዳ» ነው፤ በእሱ ደግሞ አስቀድሞ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ። ስለዚህ 6,400 የሚለው ቁጥር የሚያጓጓ ቢሆንም ከሱ ውስጥ የእርስዎ አንባቢ የሆነው ትንሽ ነው። የአምባሰሉን ይተዉት።

የባቲው ግን ሌላ ነው። 18.2 የሚለውን ደረጃ ያወረዱት «ባቲ» እና «ባቲ ቅኝት» ናቸው፤ እነሱን ወደ ጎን ስናደርጋቸው ስለ ገበያው የተጠየቁት አራት የአማርኛ ጥያቄዎች ከ10.9 እስከ 13 ተደርድረው እናያለን። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆሞ የቀረው እሱ ነው። አዝዋ 18 ላይ ስላለ ይተዉት ብለው ነበር፤ በቁጥሩ ብቻ ብንሄድ ኖሮ ትክክል በሆኑ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ጽሑፉ ገበያው በምን ቀን እንደሚውል ይናገራል? የሚናገረውስ ከየት ላይ ነው?

አዝዋ፣ ጥር 13

ስለ ቅኝቱ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ አላሰብሁትም ነበር። ነገር ግን 4,100 ኢምፕሬሽን ዝም ብሎ መጣል ያሳዝናል። በአምባሰሉ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ቅኝቱ አንድ ክፍል ቢጨመርስ? ሁለቱንም አንባቢ ይይዛል።

ቦርከና፣ ጥር 13

እንዲህ ያለው ክፍል ሲጨመር ያየሁት ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም አንባቢ ሲያሳጣ ነው። ወረዳውን ፈልጎ የመጣው ስለ ቅኝት ሲያነብ ይሰለቻል፤ ቅኝቱን የፈለገው ደግሞ በሌላ ጽሑፍ መካከል የተሸጎጠች አንድ አንቀጽ አትበቃውም። ጦሳ ስለ ሙዚቃ የሚያውቁ ከሆነ ለቅኝቱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይጻፉለት፤ ያ ግን አዲስ ሥራ እንጂ ማሻሻል አይደለም።

ጦሳ ማዶ፣ ጥር 14

ስለ ሙዚቃ አላውቅም፤ ስለዚህ የአምባሰሉን እተዋለሁ።

ለጥያቄዎ፦ የባቲው ጽሑፍ ርዕስ «የወሎ ውበት በገበያ ሲታይ» ይላል። የመጀመሪያዎቹ አንቀጾች ከኮምቦልቻ ወደ ቆላው ሲወረድ ስለሚታየው መልክዓ ምድር ያወራሉ። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ስለሚገናኙበት ሁኔታ፣ ስለ ግመሉና ስለ ከብቱ ተራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሰኞ ሰኞ እንደሚውል የተናገርሁት ወደ መጨረሻው፣ ስለ ማደሪያ በጻፍሁበት አንቀጽ ውስጥ ነው። አሁን ሳየው ለራሴም ገረመኝ።

ቦርከና፣ ጥር 14

ሥራዎ በዚያ ላይ ነው። «ባቲ ገበያ ቀን» እና «መቼ ነው» ብለው የሚጠይቁ ሰዎች ጉዞ ያሰቡ ናቸው፤ መልሱን ከላይ ካላገኙት ይመለሳሉ። ርዕሱ ውስጥም «ባቲ» የሚለው ስም የለም፤ ጎግል ከጽሑፉ ውስጥ ቆፍሮ አውጥቶ 11ኛ ላይ ማስቀመጡ ራሱ የተፎካካሪዎቹን ድካም ያሳያል።

እኔ ብሆን ርዕሱን «የባቲ ገበያ፦ የሚውልበት ቀን፣ የግመሉ ተራና ከኮምቦልቻ የሚኬድበት መንገድ» ወደሚመስል ነገር እለውጠዋለሁ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር «የባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ ይውላል» አደርገዋለሁ። ከዚያ ጉዞ ያሰበ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀውን በቅደም ተከተል አስገባለሁ፦ ከኮምቦልቻ ወደ 40 ኪሎ ሜትር መሆኑን፣ መኪናው ከየት እንደሚነሣ፣ በስንት ሰዓት ቢደርስ ገበያው ደምቆ እንደሚያገኘው፣ የግመሉ ተራ በየትኛው በኩል እንደሆነ። የመልክዓ ምድሩን ትረካ አያጥፉት፤ ያማረ ከሆነ ወደ ታች ይውረድ። ስለ ኮምቦልቻና ስለ ከሚሴ የጻፏቸው ጽሑፎች ካሉም ከእነሱ ወደ ባቲው ማገናኛ ያኑሩ፤ በማገናኛውም ላይ «እዚህ ይጫኑ» ከማለት «የባቲ ገበያ» ብለው ይጻፉ።

የጽሑፉን አድራሻ ግን አይንኩት። ርዕሱ ሲቀየር አድራሻውን በራሱ የሚቀይር ሥርዓት የሚጠቀሙ ከሆነ ከማስቀመጥዎ በፊት ያረጋግጡ፤ አድራሻው ተለውጦ አሮጌው ወደ አዲሱ ካልተመራ እስካሁን የተገኘችው ደረጃም ልትጠፋ ትችላለች። ቀኑን በተመለከተ፣ አዝዋ ያሉትን በከፊል እቀበላለሁ፤ ይዘቱ በእውነት ከተለወጠ «የታደሰበት ቀን» ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው፣ ምንም ሳይነኩ ቀን ብቻ መቀየር ግን አንባቢን ማታለል ነው፤ ለደረጃውም ሲጠቅም አላየሁም።

እሙ ሐያት (ከሚሴ)፣ ጥር 14

እየተከታተልሁ ነበር፤ አንድ ነገር አልገባኝም። የገበያውን ጥያቄዎች ስደምራቸው በሦስት ወር 490 ኢምፕሬሽን ናቸው። ጦሳ በ5ኛ ደረጃ ላይ ባለው «አምባሰል ወረዳ» ከ130 ሰባት ክሊክ አግኝተዋል፤ ከመቶ አምስት ግድም ማለት ነው። የባቲውም ወደ 5ኛ ቢወጣ በዚሁ ስሌት በሦስት ወር 25 ሰው ይመጣል። ለ25 ሰው ጽሑፍ እንደ አዲስ መጻፍ ያዋጣል ወይ? እኔ የማር ንግዴን ገጽ የማሻሽለው በዚህ ሒሳብ ቢሆን ኖሮ ገና ዱሮ እተወው ነበር።

ቦርከና፣ ጥር 14

እሙ ሐያት፣ ስሌትዎ ደህና ነው፤ ሌላ ሰው ከሠራው የክሊክ መቶኛ ሠንጠረዥ ይልቅ የራሳቸውን ጽሑፍ መለኪያ ማድረግዎም ተገቢ ነው። ይሁንና 490 የሚለው መነሻ ዝቅ ያለ ነው። ኢምፕሬሽን የሚቆጠረው ጽሑፉ ያለበት የውጤት ገጽ ለፈላጊው ሲከፈት ነው። 12ኛ ላይ ያለ ጽሑፍ የሚቆጠረው ሁለተኛውን ገጽ በከፈተ ሰው ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ መልሱን አግኝቶ ወይም ተስፋ ቆርጦ የተመለሰው በዘገባው ውስጥ የለም። ስለዚህ በሁለተኛው ገጽ ላይ የሚታየው ኢምፕሬሽን ጥያቄውን ከሚጠይቀው ሕዝብ ትንሹ ክፍል ነው። ጽሑፉ ወደ መጀመሪያው ገጽ ሲገባ ክሊኩ ብቻ ሳይሆን ኢምፕሬሽኑም አብሮ ይወጣል። በምን ያህል እንደሚወጣ አስቀድሞ የሚነግር ቁጥር ግን በዘገባው ውስጥ የለም፤ ሁለት እጥፍም ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።

ያም ሆኖ ጥያቄዎ ቦታውን የያዘ ነው። በአማርኛ የሚፈለገው ብዛት ትንሽ ስለሆነ፣ ሥራው የግማሽ ቀን ከሆነ ያዋጣል፤ የሳምንት ከሆነ አያዋጣም።

እሙ ሐያት፣ ጥር 14

አሁን ተግባባን። አብሽር ጦሳ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አዝዋ፣ ጥር 15

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልጨምር። «ገበያ» ብሎ የሚጽፍ አለ፣ «ገቢያ» ብሎ የሚጽፍ አለ። «ሐይቅ» ደግሞ በሀም፣ በሐም፣ በኃም ይጻፋል። ሰንጠረዡ እያንዳንዱን ለየብቻ ስለሚቆጥር የእኛ ጥያቄዎች ተበታትነው ትንሽ ይመስላሉ። አብረው የሚታዩበት መንገድ ቢኖር መልካም ነበር።

ቦርከና፣ ጥር 15

ትልቅ ነገር አነሡ፤ መንገዱም አለ። ከላይ አዲስ ማጣሪያ ሲጨምሩ Query የሚለውን ይምረጡና Custom (regex) ላይ ያድርጉት። ለባቲው እንዲህ ብዬ አስገባለሁ፦

```
ባቲ.*ገ[በቢ]ያ|bati.*(market|gebeya)
```

ለሐይቁም፦

```
[ሀሃሐሓኀኃ]ይቅ.*[እዕ][ስሥ]ጢፋኖ[ስሥ]
```

በካሬ ቅንፍ ውስጥ ያሉት ፊደሎች «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ናቸው። እንዲህ ሲጣራ ከላይ ያለው ድምር የሁሉንም አጻጻፍ ኢምፕሬሽንና አማካይ ደረጃ በአንድነት ያሳያል። ጦሳ፣ የሐይቁን አስገብተው Pages ላይ ይመልከቱልኝ፤ አንድ ጥርጣሬ አለኝ።

ጦሳ ማዶ፣ ጥር 15

ሁለት አድራሻ ወጣ። አንደኛው የገዳሙ ጽሑፍ፣ ሁለተኛው ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅ ከተማን ስለ መጎብኘት የጻፍሁት ነው። ኢምፕሬሽናቸው ተቀራራቢ ነው፤ አንደኛው 12፣ ሁለተኛው 15 ላይ ነው።

ቦርከና፣ ጥር 15

ጥርጣሬዬ ይኸው ነበር። ሁለት ጽሑፎችዎ ለአንድ ጥያቄ ይሻማሉ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መታየታቸው ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ሁለቱም ስለ ገዳሙ በሰፊው የሚያወሩ ከሆነ በከተማው ጽሑፍ ውስጥ ያለውን ወደ ሁለት ዓረፍተ ነገር አሳጥረው ወደ ገዳሙ ጽሑፍ በማገናኛ ይምሩት። ከባቲው በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

የግሸን መንገደኛ (ውጫሌ)፣ ጥር 17

በዚህ ክር ላይ የእኔን ጉዳይ ባነሣ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ከርዕሱ ጋር የሚሄድ ይመስለኛል። ስለ ግሸን ማርያም ጉዞ የጻፍሁት አለኝ። ጦሳ እንዳደረጉት የሦስት ወሩን ሳይ ኢምፕሬሽኑ ከ50 አይበልጥም፤ ደረጃውም 9 ነው። ስለዚህ ችግር የለበትም ብዬ ልተወው ነበር። ከዚያ ቀኑን ወደ 16 ወር ስዘረጋው አማካዩ 13 ሆነ፤ ግራፉም በሴፕቴምበር ላይ እንደ ተራራ ቆሟል። የትኛውን ልመን?

ቦርከና፣ ጥር 17

የ16 ወሩን ይመኑ። የግሸን ንግሥ መስከረም 21 ስለሆነ ሕዝቡ የሚፈልገው ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው፤ ዘገባው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሄድ የሴፕቴምበሩ ተራራ እሱ ነው። በጥር የሦስት ወሩን የከፈተ ሰው ንግሡ ካለፈ በኋላ ያለውን ጭር ያለ ወቅት ብቻ ያያል። ቀኑን Custom ላይ አድርገው ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ያለውን ለብቻው ይመልከቱ፤ በዚያ ጊዜ 13 ወይም 14 ላይ ከነበረ ብዙ አንባቢ ያመለጠዎ ያኔ ነው። ማሻሻያውንም በሐምሌ ይጨርሱት፤ ጎግል አይቶ እስኪመዝነው ድረስ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ጳጉሜን ላይ ቢነሡ ይዘገያሉ።

በ16 ወሩ ዘገባ ውስጥ የቀሩትን የ2024 ንግሥ ጥቂት ቀናት ከ2025 ጋር ሲያወዳድሩ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በሴፕቴምበር 2025 አጋማሽ ጎግል በአንድ ገጽ 100 ውጤት ማሳየት የሚያስችለውን ትእዛዝ አቁሟል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጣቢያዎች በኮምፒውተር የሚታየው ኢምፕሬሽናቸው ሲወርድ፣ አማካይ ደረጃቸው ደግሞ የተሻሻለ ሲመስል አዩ፤ ምክንያቱ ደረጃ የሚቆጥሩ ፕሮግራሞች እስከ 100ኛ ያለውን በአንድ ጊዜ መክፈታቸው ስለ ቀረ ነው ተብሎ ይታመናል። የአማርኛ ጥያቄዎችን የሚከታተል ፕሮግራም እምብዛም ስለሌለ በእኛ ላይ የጎላ አይመስለኝም፤ ለማንኛውም Devices ላይ ሞባይሉን ብቻ አጣርተው ቢያወዳድሩ ይሻላል።

ጦሳ ማዶ፣ የካቲት 30

ውጤቱን ላካፍላችሁ። የባቲውን ጽሑፍ በተባለው መሠረት በጥር አጋማሽ አስተካከልሁት፤ አድራሻውን አልነካሁም፤ ከኮምቦልቻና ከከሚሴ ጽሑፎችም ማገናኛ አኖርሁ። ከለውጡ በፊት ያሉትን 28 ቀናት፣ ከለውጡ አንድ ሳምንት ያህል ዘልዬ ከሚቀጥሉት 28 ቀናት ጋር በ Compare አወዳደርሁ።

«የባቲ ገበያ» ከ11.3 ወደ 7.4 ወጥቶ ኢምፕሬሽኑ ከ82 ወደ 139 ደረሰ። «ባቲ ገበያ ቀን» ከ11.8 ወደ 5.9፣ ኢምፕሬሽኑም ከ50 ወደ 96። የጽሑፉ ክሊክ ከ4 ወደ 17 ሆኗል። የሚገርመው የጽሑፉ አማካይ ደረጃ ከ18.2 ወደ 16.9 ብቻ መሻሻሉ ነው፤ በ Pages ሰንጠረዥ ብቻ ብመለከተው ኖሮ ምንም አልተለወጠም ብዬ እተወው ነበር። «የባቲ ገቢያ» የሚለው ግን 13 ከነበረበት 12.7 ላይ ነው፤ አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል።

እሙ ሐያት፣ የካቲት 30

ማሻ አላህ፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ረመዳን በየካቲት ገብቷል። ከፆሙ በፊት ሰው ለአስቤዛ ገበያ ገበያ ይላል፤ ባቲም ዘንድ እንዲሁ ነው። የኢምፕሬሽኑ ዕድገት ከማስተካከሉ ይሁን ከወቅቱ በምን ይለያል?

ቦርከና፣ መጋቢት 1

ከኢምፕሬሽኑ አይለይም፤ ሁለቱም ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። ስለ ደረጃው ግን የተሻለ እርግጠኛ መሆን ይቻላል፤ የፈላጊ መብዛት ብቻውን አንድን ጽሑፍ ከ11.8 ወደ 5.9 አያወጣውም። ኢምፕሬሽኑን ለመፍረድ ከሚያዝያ በኋላ ያሉ ሌሎች 28 ቀናትን ማየት ያስፈልጋል።

ስለ «ገቢያ» ደግሞ 20 ያህል ኢምፕሬሽን ላለው መሥመር ከ13 ወደ 12.7 መሄዱ ለውጥም አይደለም፣ አለመለወጥም አይደለም፤ ሁለት ሦስት ሰው በተለያየ ቦታ ሆኖ ቢፈልግ የሚያንቀሳቅሰው ቁጥር ነው።

አዝዋ፣ መጋቢት 1

እኔ ግን ጎግል «ገበያ» እና «ገቢያ»ን እንደ ሁለት የተለያዩ ቃላት የሚያያቸው ይመስለኛል፤ አለዚያ አንዱ 7 ላይ ሌላው 12 ላይ አይቀሩም ነበር። በጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ «ገቢያ» ብለው ቢጽፉ ምን ይጎዳል?

ቦርከና፣ መጋቢት 1

ሊሆን ይችላል። በሀ እና በሐ ላይ አንዳንዴ እንደ አንድ ሲያያቸው አስተውያለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ለየብቻ ሲያያቸው። ርዕሱ ላይ በአንድ አጻጻፍ መጽናት ነው የምመርጠው፤ በሐተታው ውስጥ ግን የአካባቢው ሰው የሚናገረውን በጥቅስ ሲያስገቡ «ገቢያ» ቢል አይከፋም። ጦሳ ይሞክሩትና ሌላ ምንም ሳይለውጡ ይተዉት፤ ያኔ ለውጡ ከእሱ መሆኑን እናውቃለን።

ጦሳ ማዶ፣ መጋቢት 2

አንድ የግመል ነጋዴ የተናገሩትን በጥቅስ አስገብቼ «ገቢያ» የሚለውን እንዳሉት አኖርሁት። ሌላ ምንም አልነካሁም። የሐይቁን ሁለት ጽሑፎች ደግሞ ከፋሲካ በኋላ እነካቸዋለሁ፤ በከተማው ጽሑፍ ውስጥ ስለ ገዳሙ ያለው ክፍል ከገዳሙ ጽሑፍ የተሻለ ሆኖ ስላገኘሁት የትኛው ወደ የትኛው እንደሚሄድ ገና አልቆረጥሁም።